የፍሊንት ጉዳይ፦ ከንቲባው፣ ምክር ቤቱና ከላይ የተሾመው አስተዳዳሪ

ማርች 25 ቀን 2013 የፍሊንት ከተማ ምክር ቤት በውሃ ጉዳይ ላይ 7 ለ 1 ድምፅ ሰጠ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማርች 23 ቀን 2015፣ በዚያው በውሃ ጉዳይ እንደገና 7 ለ 1 ድምፅ ሰጠ። የመጀመሪያው ድምፅ «ምክር ቤቱ ተስማምቷል» እየተባለ ለዓመታት ሲጠቀስ ኖረ። ሁለተኛው ወዲያውኑ ውድቅ ተደረገ። በሁለቱም ጊዜ የተመረጠ ከንቲባ ነበረ፣ ዘጠኝ የተመረጡ የምክር ቤት አባላት ነበሩ፣ የከተማው ቻርተርም በሕግ አልተሻረም ነበር። የመወሰን ሥልጣኑ ግን ከተማው ባልመረጠው ሌላ ሰው እጅ ነበር።

ፍሊንት በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የምትገኝ ከተማ ናት። ጄኔራል ሞተርስ በ1908 የተመሠረተው እዚያ ነው። በ1960 ወደ 197 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት፤ በ2010 ቆጠራ 102 ሺህ ያህል ቀርቷታል። ብዙ ሰው ስሟን የሚያውቀው በተመረዘው ውሃ ነው። የከተማ አስተዳደርን ለሚያጠና ሰው ግን ሌላ ጥቅም አላት። ዘጠና ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሥርዓቶችን አይታለች፦ ምክር ቤት የሚቀጥረው ሥራ አስኪያጅ፣ ሕዝብ በቀጥታ የሚመርጠው ጠንካራ ከንቲባ፣ በመጨረሻም የግዛቱ መንግሥት የሚሾመው የአስቸኳይ ጊዜ አስተዳዳሪ። ከተማዋም ሕዝቧም ሳይለወጡ ሥርዓቱ ብቻ ሲለዋወጥ ምን እንደሚሆን እዚህ በግልጽ ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራ አስኪያጁ የሚመራበት ዘመን

ፍሊንት በ1929 ባጸደቀችው ቻርተር መሠረት የምክር ቤትና የሥራ አስኪያጅ ሥርዓትን ያዘች። በዚያን ጊዜ ይህ አሠራር በአሜሪካ ከተሞች በፍጥነት እየተስፋፋ ነበር። በኦሃዮ የምትገኘው ዴይተን በ1913 በጎርፍ ከተጠቃች በኋላ ሥርዓቱን ስትቀበል ብዙዎች ተከተሏት። የሐሳቡ መነሻ ቀላል ነው፦ መንገድ መጥረግ፣ ውሃ ማጣራትና ሒሳብ መያዝ የፓርቲ ሥራ አይደለም፤ ስለዚህ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይቀጠርበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕዝቡ የምክር ቤት አባላትን ይመርጣል። ምክር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ይቀጥራል። ሥራ አስኪያጁ የመምሪያ ኃላፊዎችን ይሾማል፣ በጀት ያዘጋጃል፣ የዕለት ሥራውን ይመራል። ምክር ቤቱ በጀቱን ያጸድቃል፣ ደንብ ያወጣል፤ ሥራ አስኪያጁ ካላስደሰተው በአብላጫ ድምፅ ያሰናብተዋል፣ ምርጫ እስኪደርስም አይጠብቅም። ከንቲባ የሚባል ሰው አለ፤ በፍሊንት አባላቱ ከመካከላቸው የሚሰይሙት ነበር። ስብሰባ ይመራል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ እንደማንኛውም አባል አንድ ድምፅ ይሰጣል። ሠራተኛ የመሾምም ሆነ የማባረር ሥልጣን የለውም።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስር በፍሎይድ ማክሪ ታይቷል። ማክሪ በ1966 በአባላቱ ተመርጦ የከተማዋ የመጀመሪያ ጥቁር ከንቲባ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት በቤት ኪራይና ሽያጭ የዘር መድልዎን የሚከለክል ደንብ ቀረበ፤ ምክር ቤቱ ጣለው። ማክሪ ከንቲባ ነው፤ ግን ደንቡን መልሶ ለማስጸደቅ የሚያስችል መሣሪያ አልነበረውም። የነበረው አንድ ነገር ሥልጣኑን እለቃለሁ ብሎ በአደባባይ መናገር ነበር፤ ያንንም አደረገው። ሕዝብ በከተማው አደባባይ ተሰለፈ፣ ምክር ቤቱ ሐሳቡን ለወጠ፣ ደንቡ በ1967 መጨረሻ አለፈ። በፌብሩዋሪ 1968 ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብም በጥቂት አሥር ድምፆች ልዩነት ጸና። ውጤቱ ያኮራል። ግን ከንቲባው ያሸነፈው በወንበሩ ሥልጣን ሳይሆን ወንበሩን ለመተው በመዘጋጀቱ ነው።

የዚህ ሥርዓት ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ ለዘጠኝ አለቆች ይሠራል። ዘጠኙ ሲስማሙ ሥራው ይቀላጠፋል። ሲከፋፈሉ አምስት ድምፅ ማስጠበቅ ዋና ሥራው ይሆናል፤ ነዋሪውም ለችግሩ ማንን በስም እንደሚጠይቅ ግራ ይገባዋል።

ጠንካራው ከንቲባ

የፍሊንት መራጮች በ1974 አዲስ ቻርተር አጸደቁ። ከንቲባው ከዚያ ወዲያ በመላው ከተማ በቀጥታ ለአራት ዓመት የሚመረጥ ሆነ። በ1975 በተደረገው ምርጫ ጄምስ ራዘርፎርድ ያንኑ ፍሎይድ ማክሪን አሸንፎ የመጀመሪያው ጠንካራ ከንቲባ ሆነ። ምክር ቤቱ ከዘጠኝ ቀጠናዎች አንድ አንድ በሚመረጡ ዘጠኝ አባላት ቀጠለ።

በከተማው አዳራሽ ውስጥ አሁንም የከተማ አስተዳዳሪ የሚባል ባለሙያ አለ። ግን የሚሾመው ከንቲባው ነው፣ የሚያሰናብተውም እሱ ነው። የዚህ አስተዳዳሪና የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ የሥራ ዝርዝር ጎን ለጎን ቢቀመጥ ብዙም አይለያይም፤ ሁለቱም በጀት ያዘጋጃሉ፣ መምሪያዎችን ያስተባብራሉ። ልዩነቱ ጠዋት መጥፎ ዜና ሲመጣ መጀመሪያ ለማን ይደውላሉ የሚለው ነው። ምክር ቤት የቀጠረው ሥራ አስኪያጅ መጥፎውን ዜና ለዘጠኙም ለመናገር ይገደዳል፤ ከአንዱ ቢደብቅ ነገ ያ አንዱ ድምፁን ይነፍገዋል። ከንቲባ የሾመው አስተዳዳሪ ግን ለከንቲባው ይነግራል፤ ለምክር ቤቱ መቼና ምን ያህል እንደሚነገር የሚወስነው ከንቲባው ነው።

በበጀት ላይ ይህ በጣም ይጎዳል። ከንቲባው የገቢ ግምቱን ያዘጋጃል። ምክር ቤቱ የማጽደቅ ሥልጣን ቢኖረውም፣ ቁጥሩን በራሱ መርምሮ የሚያቀርብለት ባለሙያ ከሌለው የቀረበለትን ተቀብሎ የወጪውን ዝርዝር ሲከራከር ይውላል። ግምቱ ከፍ ብሎ ከተሠራ ጉድለቱ የሚታወቀው የዓመቱ ሒሳብ በውጭ ኦዲተር ሲመረመር ነው፤ ያን ጊዜ ቀጣዩ ዓመት ከተጋመሰ ቆይቷል። ጉድለት መደበቁን የሚያሳይ አንድ ምልክት አለ፦ የከተማው መደበኛ ወጪ የሚከፈልበት ጠቅላላው ቋት፣ የውሃና ፍሳሽ ክፍያ ከሚጠራቀምበት ቋት የተበደረው ገንዘብ ከዓመት ዓመት ሳይመለስ ሲያድግ። የኦዲት ሪፖርት የሚያነብ የምክር ቤት አባል መጀመሪያ ማየት ያለበት ያንን መስመር ነው።

ለፍትሕ ሲባል ግን ፍሊንትን ያደኸያት አንድ ከንቲባ አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ በ1970ዎቹ መጨረሻ በአካባቢው ወደ 80 ሺህ ሰው ይቀጥር ነበር፤ በ2010 አካባቢ ከ10 ሺህ በታች ቀርቷል። የንብረት ግብሩ አብሮ ወረደ፣ ግዛቱም ለከተሞች የሚያካፍለውን ገቢ ቀነሰ፣ ለጡረተኞች የተገባው የጤናና የጡረታ ቃል ግን እንዳለ ቆየ። በ2002 ሕዝቡ ከንቲባ ዉድሮ ስታንሊን በድምፅ ከሥልጣን አነሳ። በዚያው ዓመት የሚሺጋን ግዛት ኤድ ከርትዝን የከተማዋ የፋይናንስ አስተዳዳሪ አድርጎ ላከ። ይህ የመጀመሪያው ዙር ነበር፤ የዚያን ጊዜው ሕግ ገንዘብ ነክ ጉዳዮችን ብቻ የሚመለከት ስለነበር ከተማዋ ጥቂት ቆይታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ከላይ የተሾመው

በማርች 2011 አገረ ገዥ ሪክ ስናይደር የአዋጅ ቁጥር 4ን ፈረሙ። አዲሱ ሕግ የተሿሚውን ሥልጣን ከገንዘብ አልፎ ወደ መላው አስተዳደር አሰፋው። ኖቬምበር 8 ቀን 2011 የፍሊንት ሕዝብ ከንቲባ ዴይን ዎሊንግን እንደገና መረጠ። በዚያው ቀን ግዛቱ ከተማዋ በፋይናንስ አስቸኳይ ሁኔታ ላይ እንደምትገኝ አስታወቀ። በዲሴምበር መጀመሪያ ማይክል ብራውን የአስቸኳይ ጊዜ አስተዳዳሪ ሆኖ ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የከንቲባውና የምክር ቤቱ ደመወዝ ተቋረጠ፤ ከንቲባው የሾመው የከተማ አስተዳዳሪና ሌሎች ከፍተኛ ኃላፊዎች ተሰናበቱ፤ የእንባ ጠባቂው ቢሮና የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽኑም ተዘጉ። ደመወዙ በኋላ በከፊል ተመለሰ። የእንባ ጠባቂው መዘጋት ግን በወቅቱ ብዙም ባይወራበትም፣ ነዋሪ አቤቱታ ይዞ የሚሄድበት በቻርተር የቆመ በር መዘጋቱ ነበር።

ኖቬምበር 2012 የሚሺጋን መራጮች አዋጅ ቁጥር 4ን በሕዝበ ውሳኔ ሻሩት። ከሰባት ሳምንት በኋላ የግዛቱ ምክር ቤት ተመሳሳይ የሆነውን አዋጅ ቁጥር 436 አወጣ። በውስጡ የበጀት ድልድል አስገባበት፤ በሚሺጋን ሕገ መንግሥት ደግሞ በጀት የሚደለድል ሕግ ለሕዝበ ውሳኔ አይቀርብም።

አዋጅ 436 በሥራ ላይ እንዴት እንደሚውል ማወቅ ይጠቅማል። ግዛቱ መጀመሪያ የከተማውን ሒሳብ ይመረምራል፣ ከዚያ መርማሪ ቡድን ይሰየማል፣ ገዥው አስቸኳይ ሁኔታ መኖሩን ይወስናል። ከተማው ሰባት ቀን ተሰጥቶት ከአራት መንገድ አንዱን ይመርጣል፦ ከግዛቱ ጋር የስምምነት ውል፣ የአስቸኳይ ጊዜ አስተዳዳሪ፣ በገለልተኛ ወገን የሚመራ ድርድር፣ ወይም በፍርድ ቤት ኪሳራ ማወጅ። አስተዳዳሪ ከተሾመ በምክር ቤቱም በዋና ሥራ አስፈጻሚውም ቦታ ይሠራል፤ ሁለቱም ያለ እሱ የጽሑፍ ፈቃድ ሥልጣናቸውን መጠቀም አይችሉም። በጠንካራ ከንቲባ ሥርዓት ሁለት ቦታ የተከፈለው፣ በሥራ አስኪያጅ ሥርዓትም ሁለት ቦታ የተከፈለው ሥልጣን እዚህ በአንድ ፊርማ ይጠቃለላል።

ሕጉ ለምክር ቤቱ ሁለት ጠባብ መውጫዎች ትቶለታል። አንደኛው፣ አስተዳዳሪው ዋጋ ያለው የከተማ ንብረት ሲሸጥ ምክር ቤቱ በ10 ቀን ውስጥ ሊቃወም ይችላል፤ ግን በተከታዩ ሰባት ቀን ተመሳሳይ ገንዘብ የሚያስገኝ ወይም የሚያድን አማራጭ ማቅረብ አለበት፣ ከሁለቱ የሚመርጠውም የግዛቱ የብድር ቦርድ ነው። ሁለተኛው፣ አስተዳዳሪው ከተሾመ 18 ወር ሲሞላው ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ጠንካራ ከንቲባ ባለበት ከተማ ደግሞ ከከንቲባው ስምምነት ጋር፣ ሊያነሳው ይችላል። የፍሊንትን ቅደም ተከተል እንመልከት። ብራውን፣ ከዚያ ከርትዝ፣ ከዚያ እንደገና ብራውን፣ ከኦክቶበር 2013 ዳርኔል ኧርሊ፣ ከጃንዋሪ 2015 ጄራልድ አምብሮስ። ከእነዚህ አንዱም በአንድ ሹመት 18 ወር አልቆየም፤ ጊዜው የሚቆጠረው ደግሞ ከእያንዳንዱ ሹመት ነው። መውጫው በሕጉ ላይ ተጽፎ ቀረ።

የውሃው ውሳኔ፣ ደረጃ በደረጃ

ፍሊንት ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተጣራ ውሃ ከዲትሮይት ትገዛ ነበር። ዋጋው እየናረ ሲሄድ የአካባቢው አውራጃዎች ከሂውረን ሐይቅ የራሳቸውን ቧንቧ ለመዘርጋት ካረግኖንዲ የተባለ የውሃ ባለሥልጣን አቋቋሙ። በማርች 2013 ምክር ቤቱ 7 ለ 1 የደገፈው ወደዚህ አዲስ መስመር መግባትን ነው። ውሳኔው አስገዳጅ አልነበረም፤ ምክር ቤቱ ሥልጣን አልነበረውምና። አባላቱ በቀን 16 ሚሊዮን ጋሎን ይበቃናል ብለው ነበር። ከርትዝ ከጥቂት ቀናት በኋላ የፈረመው 18 ሚሊዮን ነው። ይህች የሁለት ሚሊዮን ጋሎን ልዩነት ለእኔ ከብዙ ትንታኔ በላይ ትናገራለች፦ «ምክር ቤቱ ተስማምቷል» የተባለበት ውሳኔ ምክር ቤቱ የወሰነው ቁጥር እንኳ አልነበረም።

ዲትሮይት በኤፕሪል 2013 ውሏ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደሚቋረጥ አስታወቀች። አዲሱ መስመር ግን ገና ዓመታት ይቀሩት ነበር። ክፍተቱን ለመሙላት የፍሊንትን ወንዝ ውሃ በከተማዋ አሮጌ ማጣሪያ ጣቢያ አጣርቶ ማከፋፈል ተወሰነ። በዚህ ላይ፣ ማለትም በወንዙ ላይ፣ ምክር ቤቱ ድምፅ አልሰጠም። ሰነዶቹን የፈረሙት አስተዳዳሪዎቹ ናቸው።

በኤፕሪል 2014፣ መቀየሪያው ቀን ስምንት ቀን ሲቀረው፣ የማጣሪያ ጣቢያው ባለሙያ ለግዛቱ የአካባቢ ጥራት መሥሪያ ቤት ኢሜይል ጻፈ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ውሃው ከተለቀቀ ከእሱ መመሪያ ውጪ እንደሚሆን፣ የሠለጠነ ሰውም ሆነ ክትትል እንዳልተሟላ ገለጸ። ይህ ደብዳቤ በሦስቱ ሥርዓቶች የት ይደርስ እንደነበር ማሰብ ይገባል። በ1960ዎቹ ቢሆን ባለሙያው ለሥራ አስኪያጁ፣ ሥራ አስኪያጁም ለሚያባርሩት ዘጠኝ ሰዎች ይነግር ነበር። በ1990ዎቹ ቢሆን ከንቲባው ሊያፍነው ይችላል፤ ከንቲባውን የማይወድ አንድ የምክር ቤት አባል ግን የመምሪያ ኃላፊውን በአደባባይ ስብሰባ ጠርቶ ይጠይቀው ነበር። በ2014 ከባለሙያው በላይ ያለው የእዝ ሰንሰለት ቀጥታ ወደ ግዛቱ ያመራል። ወንዙን የፈቀደው አስተዳዳሪ የግዛቱ ተሿሚ ነው፤ የውሃውን ጥራት የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤትም የግዛቱ ነው። ተቆጣጣሪውና ተቆጣጣሪ ያለበት ሰው አንድ አለቃ ነበራቸው።

ኤፕሪል 25 ቀን 2014 የዲትሮይት መስመር ተዘጋ። አዝራሩን የተጫነው፣ በካሜራ ፊት ውሃውን በብርጭቆ የጠጣው ከንቲባ ዎሊንግ ነበር። ሥልጣን የሌለው ከንቲባ የውሳኔው ፊት ሆኖ ታየ፤ በሚቀጥለው ምርጫ ዋጋውን የከፈለውም እሱ ነው።

የቴክኒኩ ስህተት አጭር ነው። የወንዙ ውሃ ከሐይቁ ውሃ እጅግ የበለጠ ክሎራይድ ስለነበረው ብረት ይበላል። ዲትሮይት በውሃዋ ላይ ኦርቶፎስፌት ትጨምር ነበር፤ ይህ ኬሚካል የቧንቧውን ውስጥ በስስ ሽፋን ይሸፍናል። ፍሊንት አልጨመረችም፤ ግዛቱም እንድትጨምር አላስገደደም። አሮጌው ሽፋን ተላጠ፣ ከቤቶች መግቢያ ቧንቧ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ወደ ውሃው ገባ። በኦገስትና በሴፕቴምበር በባክቴሪያ ምክንያት ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። በኦክቶበር ጄኔራል ሞተርስ ውሃው የሞተር ክፍሎቼን ያዝግብኛል ብሎ ፋብሪካውን ወደ ሌላ የውሃ ምንጭ አዞረ። ከተማዋ በዚህ በዓመት 400 ሺህ ዶላር ያህል ገቢ አጣች፤ አስተዳደሩም ፋብሪካው እንዲወጣ ፈቀደ፣ ነዋሪው ግን ቀጠለ። ብረት የሚያዝግ ውሃ ለቧንቧ ምን ማለት እንደሆነ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አልነበረም።

በጃንዋሪ 2015 ዲትሮይት የ4 ሚሊዮን ዶላሩን የማገናኛ ክፍያ ትቼ ልመልሳችሁ አለች። አስተዳዳሪው እምቢ አለ። በማርች ምክር ቤቱ ወደ ዲትሮይት ለመመለስ አስፈላጊው ሁሉ ይደረግ ብሎ 7 ለ 1 ወሰነ። አምብሮስ ወጪው በዓመት ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚሆን ጠቅሶ፣ የዲትሮይትም ውሃ ከፍሊንት ውሃ አይበልጥም ብሎ ሐሳቡን ጣለው።

አምብሮስን ለመረዳት የተሰጠውን ሥራ ማየት ያስፈልጋል። የሾመው ሕግ የሚመዝነው በአንድ ሚዛን ነው፦ የበጀቱ ጉድለት ተዘግቷል ወይስ አልተዘጋም። በቢጫ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ይዘው ስብሰባ የሚመጡ እናቶች በዚያ ሚዛን ላይ ቦታ የላቸውም። የምክር ቤት አባል ግን እነዚያን እናቶች በቀጠናው ገበያ ያገኛቸዋል፣ ነገም ድምፃቸውን ይፈልጋል። ሰባቱ አባላት ስለ ክሎራይድ ከአምብሮስ የበለጠ አላወቁም፤ ያወቁት የነዋሪውን ምሬት ነው፣ እሱም በቂ ነበር።

በኤፕሪል 2015 መጨረሻ አምብሮስ ሥራውን ጨርሶ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ከተማዋ ከግዛቱ 7 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ በብድር ውሉ ውስጥ ከተማዋ ያለ ግዛቱ የገንዘብ ሹም ፈቃድ ወደ ዲትሮይት እንዳትመለስና የውሃ ዋጋ እንዳትቀንስ የሚል አንቀጽ ነበረበት። በዚያ ላይ አዋጅ 436 የአስተዳዳሪውን ትእዛዞች ምክር ቤቱ ለአንድ ዓመት እንዳይለውጥ ይከለክላል፤ በገዥው የተሰየመ የሽግግር ቦርድም ከምክር ቤቱ በላይ ተቀመጠ። ተሿሚው ከተማዋን ለቀቀ፣ እጁ ግን በውሉ ውስጥ ቀረ። የአንድ ከተማ ሥልጣን ተመለሰ ሲባል መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይኸው ነው፦ የትኞቹ ውሎች፣ የትኞቹ ትእዛዞች፣ የትኛው ቦርድ ቀርተዋል?

በሴፕቴምበር 2015 የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ሞና ሐና አቲሻ በልጆች ደም ውስጥ የሊድ መጠን መጨመሩን በአደባባይ አሳዩ። ኦክቶበር 16 ከተማዋ ወደ ዲትሮይት ውሃ ተመለሰች። ለዚያ የተከፈለው 12 ሚሊዮን ዶላር ነው፦ 6 ሚሊዮን ከግዛቱ፣ 4 ሚሊዮን ቻርልስ ስቱዋርት ሞት ፋውንዴሽን ከተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ 2 ሚሊዮን ከከተማዋ። በኖቬምበር ካረን ዊቨር ዎሊንግን አሸነፉ። ገዥው ራሳቸው ያቋቋሙት ባለ አምስት አባል አጣሪ ቡድን በማርች 2016 ዋናውን ኃላፊነት በግዛቱ መንግሥት ላይ ጣለ። በኋላ ለነዋሪዎች የተፈቀደው ካሳ 626 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ አብዛኛውን የሚከፍለው ግዛቱ ነው። ወንዙ ያድናል ከተባለው ገንዘብ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ከእኛ አካባቢ ሲታይ

የአዲስ አበባ ነዋሪ ከንቲባ በቀጥታ አይመርጥም። ምክር ቤቱን ይመርጣል፤ ምክር ቤቱ ከአባላቱ መካከል ከንቲባ ይሰይማል። በዚህ የፍሊንትን የ1960ዎቹ አሠራር ይመስላል፤ የከንቲባው ሥልጣን ግን የጠንካራ ከንቲባ ነው፣ ሥራ አስኪያጁም ተጠሪነቱ ለእሱ ነው። አባል ያልሆነ ሰው ለማምጣት ሲፈለግ በ2018 ቻርተሩ ተሻሽሎ ታከለ ኡማ በምክትል ከንቲባ ስም የከንቲባውን ሥራ ያዙ። ከላይ የሚሾም አስተዳደርም አዲስ አይደለም፤ ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ የተመረጠው ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር ቀርቶ፣ ከ2006 እስከ 2008 ከተማዋን በፌዴራል መንግሥት የተሰየመና በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር መርቷታል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ከንቲባዋን በቀጥታ ትመርጣለች፤ ከ1995 እስከ 2001 ግን የፌዴራል ቁጥጥር ቦርድ በላይዋ ነበር። ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ሲገባ ሥርዓቱ ይለወጣል፦ እዚያ የሚመረጠው ከንቲባ በምክር ቤቱ ውስጥ አንድ ድምፅ ያለው ሲሆን፣ መምሪያዎቹን የሚያዝዘው ምክር ቤቱ የቀጠረው ሥራ አስኪያጅ ነው። ስለ ቆሻሻ አሰባሰብ ወይም ስለ ንግድ ፈቃድ መጓተት አቤት የሚል ሰው በዲሲ ወደ ከንቲባው ቢሮ ቢሄድ ትክክል ነው፤ በአሌክሳንድሪያ ግን ወደ ሥራ አስኪያጁ፣ ካልሆነም ወደ መላው ምክር ቤት ነው። በእስራኤል ከንቲባ ከ1978 ጀምሮ በቀጥታ ይመረጣል፤ ሆኖም ከተማው ሲወድቅ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ከንቲባውንና ምክር ቤቱን አንስቶ ተሿሚ ኮሚቴ ሊተካ ይችላል። ከፍሊንት የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ እዚያ የተመረጡት ይነሳሉ፤ በፍሊንት ግን በወንበራቸው ተቀምጠው ሥልጣናቸው ብቻ ተወሰደ። ሕዝቡ ማን እንደወሰነ ለማወቅ የተቸገረው ለዚህ ነው።

ሥልጣኑ ሲመለስ

ምክር ቤቱ ሥልጣኑን ሲያገኝ ነገሩ ወዲያው አልተቃናም። በኤፕሪል 2017 ከንቲባ ዊቨር ከተማዋ ከዲትሮይት አካባቢው የውሃ ባለሥልጣን ጋር የ30 ዓመት ውል እንድትገባ ሐሳብ አቀረቡ። ምክር ቤቱ ወራት ወሰደ። ሰነዶች ጠየቀ፣ አጫጭር ማራዘሚያዎችን ብቻ ፈቀደ። ግዛቱ በጁን ከተማዋን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ዳኛው ምክር ቤቱ ቀን ቆርጦ እንዲወስን አዘዙ። ሐሳቡን የማይደግፉ አባላት 30 ዓመት መታሰር አንፈልግም ይሉ ነበር፤ አንድ ጊዜ በሌላ ሰው ፊርማ ለታሰረ ከተማ ይህ ስጋት አይበዛበትም። መዘግየቱም ዋጋ ነበረው፤ አዲሱ ውል እስኪጸና ድረስ ከተማዋ በአጭር ጊዜ ዋጋ ውሃ ትገዛ ነበር።

በኖቬምበር 2017 ውሉ ጸደቀ፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ እንደ ቀድሞው 7 ለ 1 ሳይሆን ተከፋፍሎ ነበር። በዚያው ዓመት መራጮች አዲስ ቻርተር አጸደቁ፤ የእንባ ጠባቂው ቢሮ ተመልሶ ገባ፣ የሥነ ምግባር ቦርድም ተጨመረለት። በኤፕሪል 2018 የግዛቱ የገንዘብ ሹም የሽግግር ቦርዱን አነሳ፤ የመጨረሻው የግዛቱ ቁጥጥር በዚያ አበቃ። አዋጅ ቁጥር 436 ግን ያን ጊዜም አልተሻረም ነበር።